የጅማ ቡና ዋጋ፦ በእርግጥ እየተጓዘ ነው ወይስ እዚያው እየተመላለሰ?

ጅማ፣ አጋሮ፣ ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ። በእነዚህ አካባቢዎች ቡና የሚሰበስብም ሆነ የሚያቀርብ ሰው በየሳምንቱ አንድ ውሳኔ አለበት። ይሽጥ ወይስ ያቆይ? መልሱን ከመፈለጉ በፊት ግን ገበያው ምን ዓይነት ገበያ እንደሆነ መለየት አለበት። ዋጋው ወደ አንድ አቅጣጫ እየተጓዘ ከሆነ ትሬንድ ወይም አዝማሚያ አለ ይባላል። በአንድ ጣሪያና በአንድ ወለል መካከል ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ገበያው ሬንጅ ውስጥ ነው። ለአንዱ የሚሠራው ዘዴ ለሌላው ኪሳራ ነው። በሬንጅ ውስጥ ዋጋ ሲጨምር አይቶ የሚገዛ ሰው ጣሪያው ላይ ይገዛል። በአዝማሚያ ውስጥ ደግሞ «በጣም ተወደደ» ብሎ ቶሎ የሚሸጥ ሰው ትልቁን ጭማሪ ለሌላ ያስረክባል።

መለያው የሚጀምረው ከጫፎቹ ነው። ዋጋ ሲወጣ የደረሰበት ከፍታ አለ፣ ሲመለስ ያረፈበት ዝቅታ አለ። ወደ ላይ በሚሄድ አዝማሚያ አዲሱ ከፍታ ካለፈው ይበልጣል፣ አዲሱ ዝቅታም ካለፈው ዝቅታ በላይ ያርፋል። ብዙ ሰው የሚያየው ከፍታውን ብቻ ነው። ወሬ የሚሆነውም እሱ ነው። እውነቱን የሚናገረው ግን ዝቅታው ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የአንድ ደረጃ ቡና የአንድ ፈረሱላ (17 ኪሎ) የሳምንት መዝጊያ ዋጋ እንዲህ ሄደ እንበል፦ 4,200፣ 4,320፣ 4,250፣ 4,340፣ 4,210፣ 4,330፣ 4,240፣ 4,320፣ 4,220፣ 4,310፣ 4,260 ብር። አራተኛው ዋጋ ላይ የቆመ ሰው ምን ያያል? ከፍታው ከ4,320 ወደ 4,340 አድጓል። ዝቅታውም ከ4,200 ወደ 4,250 ከፍ ብሏል። አዝማሚያ ይመስላል። በቀጣዩ ሳምንት ግን ዋጋው 4,210 ላይ ተገኘ። ከ4,250 በታች ወረደ ማለት ነው። ግምቱ እዚያ ላይ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሁሉ ከ4,200 እስከ 4,340 ባለው ክፍተት ውስጥ ናቸው።

ሌላ ተከታታይ ዋጋ እንውሰድ፦ 4,200፣ 4,290፣ 4,260፣ 4,380፣ 4,350፣ 4,460፣ 4,420፣ 4,540፣ 4,500፣ 4,610፣ 4,580። እዚህም ዋጋው በየሁለተኛው ሳምንት ይቀንሳል። ነገር ግን ከ4,380 ወደ 4,350 ሲመለስ ከቀደመው ከፍታ ከ4,290 በላይ አረፈ። 4,420ም ከ4,380 በላይ ነው። ትናንት ጣሪያ የነበረው ዛሬ ወለል ሆኗል። ይህ ሲደጋገም ገዢዎች በወረደ ዋጋ እስኪያገኙ እንደማይጠብቁ ያሳያል።

ዓይን እንዳያታልል አንድ ቀላል ስሌት አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን የተጣራ ለውጥ ወስዶ በየሳምንቱ የተንቀሳቀሰው ሁሉ ድምር ላይ ማካፈል ነው። ጭማሪም ቅናሽም እኩል ይደመራል። በመጀመሪያው ምሳሌ ዋጋው በአሥር ሳምንት በድምሩ 940 ብር ተንቀሳቅሶ የተራመደው 60 ብር ብቻ ነው። ውጤቱ 0.06 ገደማ። በሁለተኛው 720 ብር ተንቀሳቅሶ 380 ብር ተራመደ፤ 0.53 ገደማ። ወደ 1 የቀረበ ጉዞ ነው፣ ወደ 0 የቀረበ መመላለስ ነው። ስልክ ላይ የሚገኘው ADX የተባለው መለኪያም የአዝማሚያን ጥንካሬ ይለካል። ችግሩ የየቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ይፈልጋል። አጋሮ ላይ በሳምንት አንዴ በስልክ ዋጋ ለሚሰማ ሰው የማካፈሉ ዘዴ ይበቃዋል።

ስሌቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታል። ዋጋ በአንድ ሳምንት ብቻ ዘሎ ከዚያ በፊትም በኋላም ባለበት ከቆመ፣ ውጤቱ ትልቅ ይወጣል፤ አዝማሚያ ግን የለም። ስለዚህ ትልቁን አንድ ዝላይ አውጥቶ የቀረውን እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። የቀረው ወደ ዜሮ ከወረደ የታየው የአንድ ጊዜ ዝላይ ነበር።

ለጅማ ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር ከፍ ብሎ የነበረው የዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ በብር የሚታየው ጭማሪ የቡናው ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ ፈረሱላው ዶላር 57 ብር ሳለ 4,200 ብር ቢሸጥ 73.7 ዶላር ገደማ ነው። ዶላር 120 ብር ሲሆን 7,000 ብር ቢሸጥ 58.3 ዶላር ብቻ ነው። በብር በሁለት ሦስተኛ ጨመረ፣ በዶላር ቀነሰ። ስለዚህ ሁለቱንም መዝገብ ጎን ለጎን መያዝ ግድ ነው።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር ደረጃ ነው። በኅዳር የጀንፈል ዋጋ፣ በግንቦት የተቀሸረ ቡና ዋጋ ይዞ «ጨመረ» ማለት አይቻልም። የሚነጻጸረው አንድ ዓይነት ቡና ነው፤ ጅማ 5 ከሆነ ጅማ 5 ከጅማ 5 ጋር።

የኒው ዮርክን ዋጋ ማየትም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ1.45 እስከ 2.05 ዶላር ገደማ ባለው ክልል ተመላለሰ። በኤፕሪል 2024 ጣሪያውን ጥሶ ወጣ። በሜይ መጀመሪያ ወደ 2 ዶላር አካባቢ ቢመለስም ወደ ድሮው ወለል አልወረደም። ከዚያ የብራዚል ድርቅ ገፋውና በዲሴምበር የ1977ን ክብረ ወሰን አለፈ። በኤፕሪል የገዛ ሰው በሜይ ፈርቶ ሊሸጥ ይችል ነበር። የዝቅታውን ቦታ ያየ ግን ለመቆየት ምክንያት ነበረው። ይህን በቀጥታ ጅማ ላይ መለጠፍ ግን አደጋ አለው። ለዓመታት አንዳንድ ላኪዎች ዶላሩን ለሌላ ዕቃ ማስመጫ ስለሚፈልጉት ቡናውን በኪሳራ ጭምር ይገዙ ነበር። በዚያ ጊዜ የአገር ውስጡ ዋጋ ከዓለሙ ተነጥሎ ይሄዳል።

ዓይነቱ ከተለየ በኋላ ምርጫው ይቀላል። በሬንጅ ውስጥ ጣሪያው አጠገብ መሸጥ፣ ወለሉ አጠገብ መግዛት። ሳምንቱ ከወለሉ በታች ከዘጋ ግን መውጣት። በአዝማሚያ ውስጥ ደግሞ የመጨረሻው ዝቅታ እስኪሰበር ድረስ መያዝ፣ ቢያንስ ከፊሉን።

በመጀመሪያው ምሳሌ ከወለል እስከ ጣሪያ ያለው ልዩነት 140 ብር ነው። ወለሉንና ጣሪያውን በትክክል የሚይዝ ስለሌለ ቢበዛ 90 ይገኛል። ማጓጓዣ፣ ማስጫኛ፣ የመጋዘን ኪራይ፣ የባንክ ወለድና በክምችት የሚቀንሰው ክብደት ተደምሮ በፈረሱላ 80 ብር ከደረሰ የቀረው 10 ብር ነው። እንዲህ ያለ ሬንጅ በትክክል ቢለይም ለመነገድ አይበቃም። ያ ሰው ያለውን ሸጦ ዕዳውን ቢዘጋ ይሻለዋል።