የኒሽ መደራረብ ምንድን ነው?

መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮና ተኩላ አንድ ሜዳ ላይ ያድናሉ። ይሻማሉ ወይ? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ምግባቸው ምን ያህል እንደሚገጣጠም በቁጥር እንለካለን። አንድ እንስሳ የሚበላው፣ የሚውልበት ቦታና የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ተደምሮ ኒሽ ይባላል። የሁለቱ ኒሽ የሚገጥመው ክፍል ደግሞ መደራረብ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። እዳሪያቸውን ሰብስበን በውስጡ ያለውን ፀጉርና አጥንት ለየን እንበል። ቁጥሮቹን ለማሳያ ብቻ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ ከጓሳ የተለኩ አይደሉም። የቀበሮዋ ምግብ 60% ፍልፈል፣ 30% አይጥ፣ 10% የበግ ሥጋ ሆነ። የተኩላው ደግሞ 20% ፍልፈል፣ 60% አይጥ፣ 20% የበግ ሥጋ። ከየምግቡ አነስተኛውን ድርሻ እየወሰድን እንደምራለን፦

```
0.2 + 0.3 + 0.1 = 0.6
```

0 ማለት ምንም የሚጋሩት የለም፣ 1 ማለት ምግባቸው አንድ ነው። የፒያንካ የሚባለው ሌላ ቀመር ለዚሁ መረጃ 0.71 ይሰጣል። ስለዚህ በተለያየ ቀመር የወጡ ቁጥሮችን ማወዳደር አያዋጣም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ምድብ ላይ ነው። ፍልፈልና አይጥን መለየት ሰልችቶን ሁለቱንም "አይጠ መጎጥ" ብለን ብንጽፍስ? ቀበሮዋ 90% እና 10%፣ ተኩላው 80% እና 20% ይሆናሉ። መደራረቡ ከ0.6 ወደ 0.9 ይዘላል። እንስሳቱ ግን አመጋገባቸውን አልቀየሩም፤ የተቀየረው የእኛ ሰንጠረዥ ነው።

ደህና፣ 0.9 ትክክል ነው ብንል እንኳ ፉክክር አለ ማለት ነው? አይደለም። አይጡ ከተትረፈረፈ ሁለቱም ጠግበው ያድራሉ። ፉክክር የሚመጣው የሚጋሩት ነገር ሲያጥር ነው። የጋላፓጎስ ደሴቶች ወፎች ይህን በደንብ ያሳያሉ። በዝናብ ወራት ምግብ ሲበዛ የተለያዩ የፊንች ዝርያዎች ተመሳሳይ ነገር ይበላሉ። ድርቁ ሲጠና እያንዳንዱ ለምንቃሩ ወደሚመቸው ፍሬ ያደላል፤ ትልቅ ምንቃር ያለው ጠንካራውን ፍሬ ይሰብራል፣ ትንሹ ትናንሾቹን ይለቅማል። መደራረቡ የቀነሰው ችግሩ በጠና ጊዜ ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ያየ ሰው "እነዚህማ አይነካኩም" ቢል ሊሳሳት ይችላል። ምናልባት የተለያዩት ሽሚያውን ሸሽተው ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ አይበቃም። የዓመቱን መረጃ አንድ ላይ ሳይጨፈልቁ የበጋውንና የክረምቱን ለየብቻ ማስላት፣ በየወቅቱ ሜዳው ላይ ስንት አይጥ እንዳለም መቁጠር ያስፈልጋል። ከተቻለ ደግሞ ተኩላ የሌለበትን ሜዳ ፈልጎ እዚያ ያለችው ቀበሮ ምን እንደምትበላ ማየት ነው። ሌላው ሁኔታ ተመሳሳይ ሆኖ እዚያ አይጥ አብዝታ ከበላች፣ ጓሳ ላይ አይጡን የሚያስቀርባት ተኩላው ነው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ይኖራል።