«ለጠፍጣፋ እግር የሚሆን» የሩጫ ጫማ ምንድን ነው? እውነት ይሠራል?

የሩጫ ጫማ ልትገዙ ስትሉ እግራችሁን አርጥባችሁ ወረቀት ላይ እንድትቆሙ የሚመክር አይጠፋም። ውስጥ እግራችሁ ሙሉውን ከታተመ ጠፍጣፋ እግር አላችሁ ማለት ነው። የአሻራው መሃል ቀጥኖ ከወጣ ደግሞ የእግራችሁ ቅስት ከፍ ያለ ነው። ከዚያ ጫማ ይመረጥላችኋል። ለጠፍጣፋው እግር ወደ ውስጥ እንዳይዘነብል በውስጥ ጎኑ ጠንከር ያለ ሶል፣ ለከፍተኛው ቅስት ለስላሳ ሶል፣ ለመካከለኛው በሁለቱ መሃል ያለ።

ሲሰሙት ያሳምናል። የአሜሪካ ጦር ግን ነገሩን በደንብ ፈተሸው። በምድር ጦር፣ በአየር ኃይልና በማሪን ማሠልጠኛዎች ከ7000 በላይ ምልምሎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ እንደ ውስጥ እግራቸው ቅርጽ ጫማ ተሰጣቸው። ሌሎቹ እግራቸው ምንም ይምሰል ምን፣ ሁሉም ያንኑ መካከለኛውን ጫማ አደረጉ። ሥልጠናው ሲያልቅ የተጎዱት ተቆጠሩ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ሁሉም ደህና የሩጫ ጫማ ነበረው። ስለዚህ ጥናቱ «ጫማ ለውጥ አያመጣም» አላለም። ያለው፣ በቅስት እየለዩ ማደሉ ጉዳት አልቀነሰም ነው።

ለምን? አሻራው የሚነሳው ቆማችሁ ነው። ስትሮጡ ግን እግር በክብደታችሁ ሁለትና ሦስት እጥፍ ኃይል መሬት ይመታል። ያኔ ጡንቻውና ጅማቱ እንዴት እንደሚሠሩ የወረቀቱ አሻራ ብዙም አይነግራችሁም። በዴንማርክ 927 ጀማሪ ሯጮች ሁሉም አንድ ዓይነት ድጋፍ የሌለው ጫማ አድርገው ሲሮጡ ተመራማሪዎች ለአንድ ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር። እግራቸው ወደ ውስጥ የሚዘነብለው ከሌሎቹ ይበልጥ አልተጎዱም።

በተቃራኒው የሚናገር ጥናትም አለ። በሉክሰምበርግ ተመራማሪዎች 372 ሯጮችን ለስድስት ወር ተከታተሉ። እግር ወደ ውስጥ እንዳይዘነብል የሚይዝ ጫማ ያደረጉት ያነሰ ተጎዱ፤ ጥቅሙም ጎልቶ የታየው እግራቸው ወደ ውስጥ በሚዘነብለው ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ጫማ ለአንዳንድ ሰው ሊጠቅም ይችላል። እኔ ግን በአንድ ጥናት ብቻ ለሁሉም ጠፍጣፋ እግር ግድ ነው አልልም።

በያዛችሁት ጫማ ያለ ሕመም የምትሮጡ ከሆነ፣ እግራችሁ ጠፍጣፋ ነው ስለተባላችሁ ብቻ አትቀይሩት። አዲስ ስትገዙም አድርጋችሁት ትንሽ ሩጡበት፤ ጣት የሚጨቁነውን ወይም ተረከዝ የሚለቀውን ተዉት። አንድ ነገር ግን ለሐኪም እንጂ ለጫማ ሻጭ አይተውም። ደህና የነበረው ቅስት በአንድ እግር ብቻ እየወረደ ከመጣና ቁርጭምጭሚታችሁን በውስጥ በኩል ካመማችሁ፣ ቅስቱን የሚይዘው ጅማት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ታዩ።