የጡጦ ወተት ልኬት፦ 30 ሚሊ የተባለው ውሃው ነው

የቆርቆሮ ወተት ላይ «ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ማንኪያ» ተብሎ ከተጻፈ፣ 30 የውሃው ልክ እንጂ የተበጠበጠው ወተት ልክ አይደለም። ግራ የሚያጋባው ይህ ነው።

90 ሚሊ ውሃ እናዘጋጅ እንበል። ፈልቶ ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ውሃ ጡጦው ላይ እስከ 90 መስመር ይቀዳል። ጡጦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ዝቅ ብለው መስመሩን ይዩ፤ በእጅ ይዞ ማየት ያሳስታል። ከዚያ 3 ማንኪያ ዱቄት ይጨመራል። ሲበጠበጥ ወደ 100 ከፍ ይላል፣ ትክክል ነው። ዱቄቱን አስቀድመው እስከ 90 ውሃ ከሞሉ ግን ውሃው ስለሚያንስ ወተቱ ይወፍራል፤ ልጁ ሆዱ ይደርቃል፣ ሰውነቱም ውሃ ያጥረዋል።

ማንኪያው ከዚያው ቆርቆሮ የወጣው ይሁን፤ አንዳንዱ ወተት 1 ማንኪያ የሚለው ለ60 ሚሊ ነው። ዱቄቱ ሳይጠቀጠቅ በንጹህ ቢላ ጀርባ ይስተካከላል።

አዳማ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ «ይጠማዋል» ብለው ወተቱን የሚያቀጥኑ እናቶች አሉ። እባካችሁ ተዉት። ልጁ ጠጥቶ የጠገበ ይመስላል እንጂ ኪሎ አይጨምርም፤ ውሃው ሲበዛ ደግሞ የደሙ ጨው ወርዶ እስከ ማንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። በሙቀት ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው፣ ልኬቱ ግን ያው ነው። ከመስጠትዎ በፊት ጡጦውን በቀዝቃዛ ውሃ አብርደው ጠብታውን የእጅ አንጓዎ ላይ ይሞክሩ፤ ጠጥቶ የተረፈው ይደፋል።