አራት ቃል እኮ ናት!

«እህቴ፣ አራት ቃል እኮ ናት። እስከ ከሰዓት ይደርሳል አይደል?»

አይደርስም። ስታዲየም አካባቢ ባለው የትርጉም ቢሯችን ይህችን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችታኛለች። ስለዚህ አንዷን ሥራ ከነጣጣዋ ልንገራችሁ።

የታሸገ ወተት የሚሸጥ ደንበኛ «ፍሬሽ ስታርትስ ኤቭሪ ዴይ» የሚል ስሎጋን ይዞ መጣ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይፈልገዋል። እንግሊዝኛው ሁለት ፊት አለው፦ ወተቱ ሁሌም አዲስ ነው፤ እናንተም ቀኑን በአዲስ መንፈስ ትጀምራላችሁ። ውበቱ ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ መናገሩ ነው።

ደንበኛው አስቀድሞ ያስተረጎመው «ትኩስ በየቀኑ ይጀምራል» ይላል። ጨዋታው መጥፋቱ ትንሹ ጉዳት ነው። ትኩስ ወተት ሲባል እኛ የሚታየን ከምድጃ ወርዶ እንፋሎቱ የሚወጣ ብርጭቆ ነው፤ የእሱ ወተት ደግሞ ከፍሪጅ ነው የሚወጣው። «በየቀኑ»ስ? ገዢው ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተት አይቀምስም። እንዲህ ላለው ሰው «በየቀኑ» ብሎ መለጠፍ «እነዚህ ሰዎች አያውቁኝም» ያሰኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ የጻፍነው ስሎጋን አልነበረም። ስሎጋኑ ምን እንዲሠራ እንደሚፈለግ በአንድ መስመር አስቀመጥን፦ «ጠዋት ሲታሰብ ይህ ወተት ይታወስ»። ከዚያ እንግሊዝኛውን ዘጋነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ «የዛሬ ወተት፣ የዛሬ ጉልበት» ነበር። ቤት ይመታል፤ ቢሮው ሁሉ ወደደው። ወተቱ ሱቅ የሚደርሰው መቼ እንደሆነ ስጠይቅ ግን «በታሸገ ማግስት» ተባልኩ። እንግዲያው «የዛሬ» ውሸት ነው። ጣልኩት።

ቀጥሎ «ቀንዎን በወተት ይጀምሩ» መጣ። እዚህ ላይ እንግሊዝኛው የማያውቀው ጣጣ አለ። «ይጀምሩ» ስትል ልጁና ወጣቱ ይርቁሃል። «ጀምር» ስትል ሴቷን ትተሃታል፤ «ጀምሪ» ስትል ወንዱን። በትግርኛማ ብዙ ቁጥሩ እንኳ ወንድና ሴት ይለያል። መውጫው ግሱን ራሱን መጣል ሆነ፦ «ንጋት በወተት»። ማንንም አያዝም፤ ይገጥማል፤ አዲስነቱንም ንጋት የሚለው ቃል ይሸከመዋል።

ኦሮምኛውን የሠራው ባልደረባዬ የእኔን አማርኛ አልተረጎመም። የተሰጠው ያችው አንዷ መስመር ናት። እሱም «ገነማ አናኒን» አለ፤ «ጠዋት በወተት» እንደማለት ነው። ቤት ባይመታም «ን» እየተመላለሰች ዜማ ትሰጠዋለች። ችግሩ የመጣው ከማሸጊያው ነው። በቁቤ ሲጻፍ ክፍተቱን ጨምሮ 16 ፊደል ይሆናል፤ አማርኛው 8 ብቻ ነው። ዲዛይነሩ ፊደሉን ሊያሳንስ ሲል ከለከልነውና በሁለት መስመር ተደረደረ። ትግርኛውንም የቋንቋው ተወላጅ ያችኑ መስመር ይዞ ከዜሮ ጀመረ። ሁሉም ተደምሮ ስድስት የሥራ ቀን ፈጀ።

«የላካችሁትን መልሰን ወደ እንግሊዝኛ ስንተረጉመው ኦሪጅናሉ አልመጣም።»

መምጣትም የለበትም። መልሶ መተርጎም ደንበኛው ምን እያጸደቀ እንዳለ እንዲያውቅ ይረዳል፤ ስሎጋኑ መሥራቱን ግን አይነግረውም። እኛ ሦስት አማራጭ እንልካለን፤ ከእያንዳንዱ ጎን ቃል በቃል ፍቺውና የተመረጠበት ምክንያት ይጻፋል። ለእኔ ዋናው ፈተና ሌላ ነው። ስሎጋኑን ያለ ሥዕልና ያለ ስም በወረቀት ጽፌ ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ አሳያለሁ። «ያምራል?» ብዬ አልጠይቅም፤ ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል። «ምን የሚሸጥ ይመስላችኋል?» ነው የምለው። «ትኩስ በየቀኑ ይጀምራል»ን ሳሳይ አንዷ «ዳቦ» አለች፤ ከኋላዋ የቆሙት አባት «ቡና»። ወተት ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

«ትልልቆቹ ኩባንያዎች እኮ የትም አገር አንድ ስሎጋን ነው ያላቸው።»

የከረሜላውን ሃሪቦ እዩት። ጀርመንኛው «ልጆችን ያስደስታል፣ አዋቂዎችንም እንዲሁ» ይላል። እንግሊዝኛው «ልጆችም አዋቂዎችም ይወዱታል» ሆነ፤ ፈረንሳይኛው ጭራሽ «ሕይወት ውብ ናት፣ ለትልቁም ለትንሹም» አለ። ቃሉ ተለወጠ፤ ልጅና አዋቂ የሚለው ሐሳብና ቤት መምታቱ ግን በሦስቱም አለ።

«ሼቭሮሌ ኖቫ የተባለችው መኪና ስሟ በስፓኒሽ ‹አትሄድም› ማለት ስለሆነች ሳትሸጥ ቀረች።»

ተረት ነው። በሜክሲኮም በቬኔዝዌላም በደንብ ተሽጣለች።

«በቃል ስንት ታስከፍላላችሁ?»

በቃል አናስከፍልም፤ ዋጋው በሥራው ወይም በሰዓት ነው። ስትመጡ ማሸጊያውን ከነልኩ፣ ምርቱ ሱቅ የሚደርስበትን ቀንና ማን እንደሚገዛው ይዛችሁልን ኑ። እንግሊዝኛውን በኢሜይል ብትልኩት ይበቃል።