የ90 ሰከንድ ታሪክ፦ አንዴ ብቻ ለሚሰማ ጆሮ

የ90 ሰከንድ ታሪክ በቃል የሚነገር ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ጭንቅ እና አንድ መቋጫ አለው። በሬዲዮ ዝግጅት መሃል፣ በምርቃትና በሠርግ ንግግር፣ አሁን አሁን ደግሞ በስልክ በሚቀረጹ አጫጭር ቪዲዮዎች እንሰማዋለን። ከተጻፈ ታሪክ የሚለየው ነገር ግልጽ ነው። አንባቢ ካልገባው ወደ ላይ ተመልሶ ያነባል። አድማጭ ግን መመለሻ የለውም። ያመለጠውን ሲያስብ የሚቀጥለውም ያመልጠዋል።

የድሮ ተረት ነጋሪዎች ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ። ያ ምልልስ ጆሮ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ቃል አያመልጥም። በ90 ሰከንድ ውስጥ ግን ለዚህ ጊዜ የለም። ስለዚህ የምልልሱን ሥራ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይሠራል። ቀላል መሆን አለበት። ቦታውን ብቻ ያሳይ። ታሪኩ የቆመበትን ዋና ነገር እዚያ ያስቀመጠ ሰው ግማሹን አድማጭ ያጣል፤ ሰው ገና ጆሮውን እያዞረ ነውና።

ነገሩ በምሳሌ ይሻላል። ወደ ውጭ አገር ልትመለስ የተዘጋጀች ሴት የምትናገረው ታሪክ ነው።

«ሳሎናችን መሃል ሻንጣዬ ተከፍቷል። ከታች የክረምት ቦት ጫማዬ አለ። ከላይ የእናቴ በርበሬ። ደጅ ታክሲ ቆሟል።

ወንድሜ ሻንጣውን ዘግቶ ሚዛን ላይ አወጣው። ‹ሁለት ኪሎ ይተርፋል› አለኝ።

እናቴ ዝም አለች። በርበሬውን ራሷ ናት የቀነጠሰችው። ራሷ ናት አስጥታ ያስፈጨችው።

መጻሕፍቴን አወጣሁ። ወንድሜ መዘነ። ይተርፋል። ፎጣዬን አወጣሁ። ወንድሜ መዘነ። አሁንም ይተርፋል።

ታክሲው ክላክስ አደረገ።

እናቴ በርበሬውን ከሻንጣው አነሳችው። ‹ይቅር ልጄ› አለችኝ። ‹ሌላ ጊዜ ትወስጃለሽ።› ግን አላስቀመጠችውም። እቅፍ አድርጋ ይዛዋለች።

ታክሲው ደግሞ ክላክስ አደረገ።

እጄን ወደ ሻንጣው ታች ሰደድኩ። ቦቱን አወጣሁት። ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ለወንድሜ ሰጠሁት። ቦቱን እዚያው አጠለቅሁት።

እናቴ በርበሬውን መለሰችው። ወንድሜ መዘነ።

‹ልክ ነው› አለ።»

መቶ ቃል ገደማ ነው። ቃሉ ብቻ በእርጋታ ሲነገር ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። የቀረው ዝምታ ነው። ይህን ቦታ በቃል መሙላት የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ግን «ዝም አለች» ካልን በኋላ ዝም ካላልን አድማጩ የእናትየውን ፊት የሚያይበት ጊዜ አያገኝም።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው። «ከሦስት ዓመት በኋላ ለእረፍት ወደ አገር ቤት በመጣሁ ጊዜ ከምሠራበት መሥሪያ ቤት ያገኘሁት ፈቃድ…» እያለ ይሄዳል። 20 ሰከንድ አለቀ፤ አሁንም የሚታይ ነገር የለም። በአማርኛ ደግሞ ይህ አነጋገር ልዩ ችግር አለው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «በመጣሁ ጊዜ፣ ያገኘሁት፣ የነገርኳት» እያልን ስንደራርብ አድማጩ ሁሉንም ተሸክሞ ግሱን ይጠብቃል። በጽሑፍ ያምራል። በጆሮ ግን ይከብዳል። ዓረፍተ ነገሩን ቆርጦ ለሁለት ወይም ለሦስት ማድረግ ነው መፍትሔው።

«አለ» የሚለው ቃልም እንዲሁ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ንግግሩ ረጅም ከሆነ አድማጩ ማን እንደሚናገር ሳያውቅ ይሰማል። ስለዚህ ከንግግሩ በፊት ተናጋሪው ሲንቀሳቀስ እናሳያለን። ወንድም ሻንጣውን ሚዛን ላይ አወጣ፤ ከዚያ ተናገረ። እናት በርበሬውን አነሳች፤ ከዚያ ተናገረች። የማን ድምፅ እንደሆነ ከመጀመሪያው ቃል ይታወቃል።

ሰዎቹ ሦስት ናቸው፦ እኔ፣ እናቴ፣ ወንድሜ። አወጣሁ፣ አነሳችው፣ መዘነ። ግሱ ራሱ ማን እንዳደረገው ይናገራል። ስም መደጋገም ብዙም አያስፈልግም። እዚህ ላይ አጎት ቢጨመር ግን ነገሩ ይበላሻል። «ሰጠሁት፣ መዘነ፣ አለ» ሲባል የትኛው ወንድ ነው? አድማጩ ያን ሲያጣራ ታክሲው ክላክስ ያደርግና ያልፈዋል። ከሦስት ሰው በላይ፣ ከአንድ ቦታ በላይ የሚፈልግ ታሪክ 90 ሰከንድ አይበቃውም። በፍጥነት በማውራትም አይድንም። ጊዜው ካለፈ የሚቆረጠው ሰው ወይም ቦታ ነው።

ጭንቁ የት እንዳለ እንይ። ሁለት ኪሎ መትረፉ ብቻውን ጭንቅ አይደለም። በርበሬውን ማስቀረት ይቻላል፤ ነገሩ ያልቃል። ጭንቅ የሚሆነው ማስቀረቱ ዋጋ ሲኖረው ነው። ለዚህ ነው «ራሷ ናት የቀነጠሰችው» የሚለው ከክብደቱ ቀጥሎ የመጣው። ክላክሱ ደግሞ ሰዓት ነው። «በረራዬ 5 ሰዓት ከ40 ነው፣ አሁን 2 ሰዓት ከሩብ ሆኗል» ብንል አድማጩ መቀነስ ይጀምራል። ሁለተኛው ክላክስ ግን ጊዜው እንዳለቀ ያለ ሂሳብ ይነግረዋል። በታሪኩ ውስጥ ያለው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ኪሎ። አንዱን ጆሮ ይይዘዋል።

መቋጫው የሚያረካው ቦቱ ቀድሞ ስለተጠቀሰ ነው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ብቻውን ተቀምጧል። ሰው ረስቶታል፤ ሲወጣ ግን ያስታውሰዋል። ቦቱ መጨረሻ ላይ ድንገት ቢመጣ ኖሮ አድማጩ የተታለለ ይመስለዋል። በፎጣውና በመጻሕፍቱ መሃል ተቀላቅሎ ቢጠቀስም እንዲሁ ይጠፋል።

ከወረቀት ለሚያነብ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። «ቦት ጫማዬ አለ» የሚለው ጠብቆ ይነበባል። የመጨረሻው «ልክ ነው አለ» ላልቶ ነው። በፊደል አንድ ናቸው። መጨረሻውን አጥብቆ ያነበበ ሰው ታሪኩን እዚያው ያደናቅፈዋል። ስለዚህ ከመቅረጽ በፊት የሚጠብቀው ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል።

ታሪኩ መሥራቱ የሚታወቀው ለማያውቀው ሰው አንዴ ተነግሮት መልሶ ሲናገር ነው። «ማን?» ብሎ ከጠየቀ ችግሩ ግሱ ላይ ነው። «ለምን ቦቱን አላስቀረችም?» ካለ ክረምት የሚለው ቃል አልተሰማም፤ እሱን ረገጥ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ፎጣውን የሚረሳ ሰው አይጠፋም። ለመቁረጥ የሚያጓጓውም እሱ ነው። እኔ ግን አልቆርጠውም። ዕቃ ከወጣም በኋላ ሚዛኑ ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት አለበት። አንዴ ብቻ እምቢ ካለ እናትየው በርበሬውን ለማንሳት ገና ምክንያት የላትም።