ተመስጦ፦ ለሁሉም አንድ ነው ወይስ እንደየሃይማኖቱ ይለያያል?

በጎንደር አንድ የደብረ ብርሃን ሥላሴ መነኩሴና አንድ የአዲስ ዓለም ሱፊ ሁለቱም «ራሴን ረሳሁ» ቢሉ፣ የደረሰባቸው አንድ ነገር ነው? ፈላስፋው ዋልተር ስቴስ በ1960 እ.ኤ.አ. በጻፈው መሠረት፣ ዋናው የተመስጦ ልምድ አንድ ነው፤ የሚለያየው በኋላ የሚሰጠው ትርጓሜ ነው። ሌላው ፈላስፋ ስቲቨን ካትዝ በ1978 እ.ኤ.አ. ይህን ተቃወመ። ጾሙ፣ ስግደቱና ዚክሩ ሰውየውን አስቀድመው ስላዘጋጁት ልምዱን ራሱን ይቀርጹታል አለ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት አጠቃቀሱ ላይ ነው። «ራሴን ረሳሁ» ብቻ ተቆርጣ ስትወሰድ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ቀጥሎ ያለው ሲነበብ ግን አንዱ ስለ ሥላሴ፣ ሌላው ስለ አላህ አንድነት ይናገራል። ይህም ቢሆን ለካትዝ አይፈርድለትም፤ ስቴስ «እሱማ ትርጓሜው ነው» ይላልና። ካትዝ ደግሞ ከተማረው ውጭ የሆነ፣ ጨርሶ ያልጠበቀው ተመስጦ የገጠመውን ሰው ለማስረዳት ይቸገራል።