«በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ በኋላ» ማለት መቼ ነው?

ይህ የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ ለጻፈው ሰው ግልጽ ነው። ችግሩ «በቀን» የምትለው ቃል ላይ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ማለትም ትሆናለች፣ የሌሊት ተቃራኒም ትሆናለች። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነው ሜትፎርሚን 500 ሚሊ ግራም ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ታዘዘ እንበል። «ቀን ላይ ነው» ብሎ የተረዳ ታማሚ ጠዋት 2 ሰዓት ቁርስ፣ 6 ሰዓት ምሳ በልቶ ይውጣል። በሁለቱ መካከል ያለው 4 ሰዓት ብቻ ሲሆን እስከሚቀጥለው ደግሞ 20 ሰዓት ይሆናል። ታማሚው ግን የተጻፈውን አክብሯል!

«ከምግብ በኋላ» የሚለውም ልቅ ነው። ይህ መድኃኒት በባዶ ሆድ ሲወሰድ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ሊያባብስ ስለሚችል፣ የሚፈለገው ከምግብ ጋር ወይም ምግቡ እንዳለቀ መዋጡ ነው። ከተበላ ሁለት ሰዓት ቢያልፍም ግን ያው «በኋላ» ነው።

«2×1» ብሎ ማሳጠር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ይመስለኛል። አንዱ «አንድ ፍሬ ሁለት ጊዜ» ሲለው ሌላው «ሁለት ፍሬ አንድ ጊዜ» ይለዋል።

ስለዚህ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

«ጠዋት ቁርስ በልተው እንደጨረሱ 1 ፍሬ፣ ማታ እራት በልተው እንደጨረሱ 1 ፍሬ ይዋጡ።»

በእኩል የሰዓት ልዩነት መወሰድ ላለበት መድኃኒት ግን የምግብ ስም አይበቃም፤ «ጠዋት 1 ሰዓት እና ማታ 1 ሰዓት» ተብሎ ሰዓቱ ይጻፍ። መግባባቱን ለማረጋገጥ «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ «ነገ የመጀመሪያውን መቼ ይውጣሉ? ሁለተኛውንስ?» ይባል።